ሮቶው ሲሞላ ዋይፋዩ ለምን ይደክማል?

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ብዙ ግቢዎች ተመሳሳይ መልክ አላቸው። ከፊት በብሎኬት የተሠራ ዋና ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ ቤት፣ በሁለቱ መካከል ጠባብ የሲሚንቶ መተላለፊያ አለ፤ መተላለፊያው ላይ ደግሞ ሮቶ ተቀምጧል። የሰርቪሱ በር ላሜራ ነው። የኢንተርኔቱ መስመር ከመንገድ በኩል ስለሚገባ ራውተሩ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። እንዲህ ባለ ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የሚያጠና ተማሪ ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ደህና ሆኖለት በማግስቱ ቪዲዮ መክፈት ሲያቅተው ጥፋቱን በመስመሩ ላይ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ደህናውንና ክፉውን ቀን ከውሃው ፈረቃ ጋር ቢያስተያይ ግን ሌላ ነገር ሊያገኝ ይችላል፦ ሌሊት ውሃ መጥቶ ሮቶው ከሞላ ዋይፋዩ ይደክማል፤ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ይሻሻላል።

ነገሩ ግጥምጥሞሽ አይደለም። ሮቶ የሚሠራበት ፕላስቲክ ለዋይፋይ ሞገድ እንደሌለ ያህል ነው፤ ሞገዱ ባዶውን ሮቶ አልፎት ይሄዳል። በውስጡ ያለው ውሃ ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ ያው ዕቃ፣ ያው ቦታ ላይ ሆኖ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ክፍት መስኮትም ወፍራም ግድግዳም ሊሆን ይችላል።

ራውተር የሚያስቀምጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ርቀት ነው። «ቤቱ ትንሽ ነው፣ ይደርሳል» ይባላል። በኢትዮጵያ ከተማ ቤቶች ግን ሲግናሉን የሚያዳክመው ከርቀቱ ይልቅ በመንገዱ ላይ የቆመው ነገር ነው፤ ራውተሩም የሚቀመጥበት ቦታ መመረጥ ያለበት ሞገዱ በየትኛው ቀዳዳ ወጥቶ በየትኛው እንደሚገባ ታይቶ ነው።

የዋይፋይ ራውተር የሚናገረው በራዲዮ ሞገድ ነው። ብዙ ራውተሮች ሁለት ዓይነት ሞገድ ያወጣሉ። አንደኛው 2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሁለተኛው 5 ጊጋኸርዝ ነው፤ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ስልክ ላይ ከዋይፋዩ ስም በኋላ «5G» ተብሎ የሚታየው ይኸኛው ነው፤ አምስተኛው ትውልድ ከሚባለው የሞባይል ኔትወርክ ጋር ግንኙነት የለውም። ባለ 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያሸንፈዋል። ባለ 2.4ቱ ዘገም ያለ ቢሆንም እንቅፋትን የተሻለ ያልፋል።

የሲግናሉ ጥንካሬ የሚነገረው በዲሲቤል ነው። ስለዚህ መለኪያ ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። 3 ዲሲቤል ከጠፋ ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ 10 ዲሲቤል ከጠፋ አንድ አሥረኛው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር ከዜሮ በታች ስለሆነ የመቀነስ ምልክት ይቀድመዋል። ራውተሩ አጠገብ −30 dBm ገደማ ይታያል። እስከ −67 ድረስ በቪዲዮ መነጋገር ሳይቆራረጥ ይቻላል። ከ−75 በኋላ ገጾች መንቀራፈፍ ይጀምራሉ፤ −85 ላይ ስልኩ የዋይፋዩን ስም ያየዋል እንጂ ብዙም አይጠቀምበትም።

እንግዲህ ወደ ውሃው እንመለስ። የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጫፉ በኤሌክትሪክ ወደ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወደ ኔጋቲቭ ያደላ ነው። የራዲዮ ሞገድ ሲነካው ሞለኪውሉ ከሞገዱ ጋር ወዲያና ወዲህ ሊዞር ይሞክራል፤ በዚህ መተሻሸት የሞገዱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። የማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሚሠራውም በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። የራውተር ኃይል ከምድጃው በሺዎች እጥፍ ስለሚያንስ ሮቶውን አያሞቀውም። ራውተሩ ግን ያንን ጥቂት ኃይሉን ውሃው ውስጥ ያጣዋል።

መጠኑን ለማየት ያህል፣ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውሃ ሲያቋርጥ አንድ አሥረኛው ብቻ ይተርፋል። ሌላ 4 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር ያም አንድ አሥረኛ መልሶ በአሥር ይካፈላል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድን ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይበቃል። ይህም ወደ ውሃው ከገባው ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ከመጣው ሞገድ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገና የውሃው ገጽ ላይ ሳለ ተመልሶ ይነጥራል። የአንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሞልቶ ሳለ በመሃሉ የሚያልፍ ምንም ሲግናል የለም ማለት ይቻላል። ከኋላው ላለው ክፍል የሚደርሰው በጎንና በላይ የዞረው፣ ወይም ከአጥሩ ነጥሮ የመጣው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የሮቶው ከፍታ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው። መሬት ላይ ወይም በዝቅተኛ መቆሚያ ላይ ያለ ሮቶ ውሃው የሚሆነው ከመስኮትና ከበር እኩል ስለሆነ ከሁሉ የከፋ ነው። ሦስት ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ማማ ላይ የተሰቀለ ከሆነ ግን ሞገዱ ከሥሩ ያልፋል። ሮቶው ግማሽ ድረስ ከጎደለም ከውሃው በላይ ያለው ክፍል ክፍት መንገድ ነው፤ ያን ጊዜ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ራውተር ሊጠቀምበት ይችላል፣ ወለል ላይ ያለ ራውተር ግን አይችልም። በቆርቆሮ የተሠራ የድሮ ጋን ሞላም ጎደለም ልዩነት የለውም፤ ብረቱ ራሱ ሞገዱን ስለሚመልስ ነው። ማዕድ ቤት ጥግ የተደረደሩ በርሜሎችና ጀሪካኖችም እንደ ሮቶው ናቸው። ራውተርን ከተሞላ በርሜል አጠገብ ማስቀመጥ በዚያ አቅጣጫ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ መጋረድ ነው።

ብረት በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ውሃ ሞገዱን ሲያስቀር ብረት ይመልሰዋል። ሞገዱ ብረቱ ላይ ሲያርፍ በገጹ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ያ ፍሰት ደግሞ ሞገዱን ወደ መጣበት ይረጨዋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሚሊ ሜትር መቶኛ ባነሰ ጥልቀት ውስጥ ስለሆነ ላሜራው ወፈረም ሳሳም ለውጥ የለውም። «በሩ ስስ ስለሆነ ያልፋል» የሚባለው ትክክል አይደለም። በተዘጋ የላሜራ በር የሚገባ ነገር ካለ በበሩ ዙሪያ ባለው ክፍተት፣ ከበሩ በላይ ባለው መስታወት፣ ወይም በመስኮቱ ዞሮ ነው። ይህን ማንም ሰው በራሱ ቤት ሊፈትነው ይችላል፤ ስልኩን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ በሩን መዝጋትና መክፈት፣ ቁጥሩንም ማየት ነው። በሩ ሲከፈት 8 ወይም 10 ዲሲቤል ከተሻሻለ ጥፋተኛው ታወቀ።

የመስኮት ፍርግርግ ግን ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ሁለቱም ሞገዶች ጥቂት ብቻ አጥተው ያልፋሉ፤ እንዲያውም አጭሩ የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ በክፍተቱ ይበልጥ ይመቸዋል። አደጋው የሚመጣው ክፍተቱ ከሞገዱ ግማሽ ርዝመት እያነሰ ሲሄድ ነው። የሽቦ ወንፊት ለትንኝ የተሠራ ቢሆንም ለዋይፋይ እንደ ሙሉ ብረት ነው። በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ የሚገጠመው የሚያንጸባርቅ መስታወትም እንዲሁ ስስ የብረት ቅብ ስላለው ሞገድ ይመልሳል።

ቤት ውስጥ ያሉ ብረቶች ደግሞ ከበሩ በላይ ይረሳሉ። ፍሪጅ አለ፤ የልብስ ማጠቢያ አለ፤ የቁም ሳጥን መስታወት ጀርባው በብር የተቀባ ነው። ትልቁ ግን ቴሌቪዥን ነው። የዘመኑ ሰፊ ቴሌቪዥን ከጀርባው አንድ ሜትር የሚያልፍ የብረት ሰሌዳ አለው፤ ራውተሩም ዘወትር የሚደበቀው ከእሱ ኋላ ነው። በአንድ በኩል የቴሌቪዥኑ ብረት፣ በሌላ በኩል የውጭው ግድግዳ ይዘውት ሞገዱ በብዛት የሚያመልጠው ወደ መንገዱ ይሆናል። ለመንገደኛው ጥሩ ዋይፋይ፣ ለመኝታ ቤቱ የተረፈ።

ኮንክሪት የሁለቱ ድምር ነው። በውስጡ ፌሮ አለ፤ ውሃም አለ። ሲሚንቶ ሲጠነክር ውሃውን በከፊል ይዞ ያስቀራል፤ ገና ያልደረቀ አዲስ ሕንፃና በክረምት ዝናብ የራሰ ግድግዳ ከደረቀው ይልቅ ሲግናል ይበላሉ። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርምር ሪፖርት ጡብ፣ ጣውላ፣ መስታወት፣ የኮንክሪት ብሎክና ፌሮ ያለው ኮንክሪት ሞገድን ምን ያህል እንደሚያዳክሙ ለክቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የራዲዮ መሐንዲሶች ደጋግመው ያዩትም ይኸው ነው፤ ጣውላና ተራ መስታወት ሞገዱን በቀላሉ ያሳልፋሉ፣ ኮንክሪት ግን በወፈረና የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ ይበላል።

እዚህ ላይ የአገራችንን ግድግዳ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሰው ሁሉ «ኮንክሪት ነው» ቢልም አብዛኛው ግድግዳ ሙሉ ኮንክሪት አይደለም። ቪላውም ኮንዶሚኒየሙም የሚቆመው በኮለን፣ በቢምና በሶሌታ ነው፤ እነዚህ ጥቅጥቅ ያሉና ፌሮ የበዛባቸው ናቸው። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ግን ክፍት ሆድ ያለው ብሎኬት ነው፤ የውጩ ባለ 20፣ የውስጡ ባለ 15 ወይም ባለ 10 ሴንቲ ሜትር። ልስኑ ተጨምሮ አንድ የብሎኬት ግድግዳ በ2.4 ጊጋኸርዝ ከ5 እስከ 8 ዲሲቤል ይወስዳል ብሎ መገመት ይቻላል፤ በ5 ጊጋኸርዝ ደግሞ ከ10 ያልፋል። አንድ የፌሮ ኮንክሪት ግድግዳ ወይም ወፍራም ኮለን ግን ብቻውን 20 ዲሲቤልና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ማለት ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ራውተሩን ከኮለን ላይ ከመስቀል ሁለት ክንድ ፈቀቅ አድርጎ ብሎኬቱ ላይ መስቀል ይሻላል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። የሊፍትና የደረጃ ግድግዳ ባለበት ሕንፃ ላይም ከዚያ ግድግዳ ኋላ ያለው ክፍል ጥላ ውስጥ ነው።

ሞገዱ ግድግዳውን የሚመታበት አቅጣጫም ልዩነት አለው። ፊት ለፊት የመጣው በተሻለ ይገባል፤ በሰያፍ የመጣው ግን ብዙው ገጹ ላይ ነጥሮ ይሄዳል። ስለዚህ ራውተሩ ከረጅም ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ከተቀመጠ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ራቅ ያሉ ክፍሎች ከሚጠበቀው በላይ ይጎዳሉ።

አሁን ያንን ግቢ በቁጥር እንመልከተው። ከሳሎኑ እስከ ሰርቪሱ 12 ሜትር ነው እንበል። ራውተሩ አጠገብ አንድ ሜትር ላይ −30 ቢሆን፣ በባዶ ሜዳ 12 ሜትር ሲርቅ ርቀቱ ብቻውን 22 ዲሲቤል ያህል ይወስድና −52 ይቀራል። ይህ በጣም ጥሩ ሲግናል ነው። ርቀቱ ጥፋተኛ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይታያል። በመንገዱ ግን ሳሎኑን ከመኝታ ቤቱ የሚለየው ግድግዳና የኋላው የውጭ ግድግዳ አሉ፤ ለሁለቱ 14 ዲሲቤል ብንሰጥ −66 እንደርሳለን። የሰርቪሱ የላሜራ በር ተዘግቶ፣ ሞገዱ በትንሿ መስኮት ዞሮ ሲገባ 8 ይቀነሳል፤ −74። ሮቶው ባዶ በሆነበት ቀን ተማሪው ያለው ሲግናል ይህ ነው፤ ደከም ያለ፣ ግን የሚሠራ። ሮቶው ሞልቶ መስኮቷን ሲጋርድ ሌላ 10 ዲሲቤል ይሄዳል፤ −84። የሚሠራው ዋይፋይ የማይሠራ የሆነው በመጨረሻዎቹ አሥር ዲሲቤሎች ነው፤ ሃያ ሁለቱን ግን ቀድሞም ቢሆን ግድግዳውና በሩ ወስደውታል። በ5 ጊጋኸርዝ ቢሆን ኖሮ ሮቶው ሳይሞላም መስመሩ አልቋል።

እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ብዙ ሰው የሚያስበው «ኃይለኛ» ራውተር መግዛት ነው። አራትና ስድስት አንቴና ያለው ዕቃ በሱቅ መስኮት ሲታይ ያጓጓል። ሆኖም ዋይፋይ ንግግር ነው፤ ራውተሩ ጮክ ብሎ ቢናገርም ስልኩ መልሱን በራሱ ትንሽ ባትሪና ትንሽ አንቴና መላክ አለበት። ስልኩ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ምንም የማይከፈትበት ጊዜ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የስልኩ ድምፅ በሮቶውና በላሜራው አልፎ ራውተሩ ጋ አይደርስም። ቦታ ማስተካከል ግን ሁለቱንም አቅጣጫ እኩል ይጠቅማል፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ማንኛውንም ዕቃ ከማንቀሳቀስ በፊት መለካት ይቀድማል። በአንድሮይድ ስልክ WiFi Analyzer የሚባሉ ነፃ መተግበሪያዎች ቁጥሩን በ dBm ያሳያሉ። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ይህን መጻፍ ይቻላል፦

```
netsh wlan show interfaces
```

ከሚወጣው ዝርዝር Signal በሚለው ፊት በመቶኛ የተጻፈው ነው የሚፈለገው፤ 50% ማለት −75 dBm ገደማ፣ 70% ማለት −65 ገደማ ነው። አንድ ጊዜ አይቶ መወሰን አይገባም። ቤት ውስጥ ሞገድ ከየአቅጣጫው ነጥሮ ስለሚገናኝ በአንድ ቦታ እርስ በርሱ ይደጋገፋል፣ አንድ ጋት ፈቀቅ ሲል ደግሞ ይጣፋል። ስለዚህ በየክፍሉ ሦስት አራት ቦታ ላይ ቆሞ ግማሽ ደቂቃ ያህል እያዩ መካከለኛውን መያዝ ይሻላል። ሰውነትም በብዛት ውሃ ነውና ስልኩን በደረት ሸፍኖ መለካት ውጤቱን ያበላሻል።

መጀመሪያ የሚለካው ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። እዚያም ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ ግድግዳው ነፃ ነው፤ ችግሩ ከመስመሩ ነው፣ የሚነገረውም ለአገልግሎት ሰጪው ነው። እዚያ ጥሩ ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ቁጥሩም ፍጥነቱም አብረው ከወረዱ እንቅፋት አለ። ቁጥሩ ጠንካራ ሆኖ፣ ለምሳሌ −55 እያለ፣ ፍጥነቱ ከተጎተተ ደግሞ ምናልባት የጎረቤቶች ራውተሮች በአንድ ቻናል ላይ ተጨናንቀዋል። ይህ በኮንዶሚኒየም የተለመደ ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ ከሦስቱ የተሻለ ባዶ የሆነውን መምረጥ ይረዳል።

ከለኩ በኋላ የመጀመሪያው እርምጃ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ ከፍ ማድረግ ነው። ከወለል አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ጥሩ ነው፤ በዚያ ከፍታ ሞገዱ ከሶፋ፣ ከፍሪጅና ከሚንቀሳቀስ ሰው በላይ ያልፋል። አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ከአንድ የቆመ አንቴና የሚወጣው ሞገድ መልኩ ቦምቦሊኖ ይመስላል፤ አንቴናው በቀዳዳው መሃል የቆመ ሲሆን ሲግናሉ ወደ ጎን በዙሪያው ይወፍራል፣ በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ግን ይሳሳል። በአንድ ወለል ላይ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ የሚፈለገው ነው። ፎቅና ምድር ላይ የሚኖሩ ከሆነ ግን አንዱን አንቴና አጋድሞ ሌላውን ማቆም ይጠቅማል፤ ራውተሩንም ሶሌታውን ለመብሳት ከመሞከር ይልቅ ደረጃው አጠገብ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የደረጃው ክፍተት በሶሌታው ላይ ያለ ትልቁ ቀዳዳ ነውና።

ሁለተኛው እርምጃ መንገዱን መምረጥ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ቢቆም ወደ መኝታ ቤቶቹ የሚያስገቡት በሮች እንጨት ናቸው፤ የእንጨት በር ሲዘጋም ከ3 ወይም 4 ዲሲቤል በላይ አይወስድም። ከኮሪደሩ ጫፍ የማዕድ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ ያያል፤ መስታወቱ ተራ ነው። ራውተሩ እዚያ ቢዛወር ሳሎኑ ጥቂት ያጣል፣ ግን የሚያጣው ካለው ትርፍ ላይ ነው። ሰርቪሱ ደግሞ ሁለት ግድግዳ ይቀነስለታል፤ ከመስኮት ወደ መስኮት የሚሄደው መስመር ከሮቶው በስተጎን የሚያልፍ ከሆነም የውሃው ፈረቃ አያሳስበውም። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ራውተሩ ሊሰቀል በታሰበበት ቦታ ቆሞ የሰርቪሱን መስኮት ማየት ከተቻለ ሞገዱም ያየዋል። ሮቶው ብቻ ከታየ ግማሽ ሜትር ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሞከር ነው።

እንቅፋቱ ፋይበሩ ነው። መስመሩ የሚያልቅበትን ነጭ ሳጥን በራስ እጅ ማዛወር አይመከርም፤ በውስጡ ያለው መስታወት ከጣት በቀጠነ ክብ ከታጠፈ ብርሃኑ ይፈሳል፣ ከተሰበረም ባለሙያ ይፈልጋል። ሳጥኑ በቦታው ሆኖ ከእሱ በተራ የኔትወርክ ኬብል ወደ ሌላ ራውተር ወይም አክሰስ ፖይንት መሄድ ይቻላል። ይህ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለምንም ችግር ይሠራል፤ ለግቢ ከበቂ በላይ ነው። ኬብሉ ከመብራት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከቤት ውጭ የሚያልፈውም ፀሐይ የሚችል ጥቁር ልባስ ያለው ይሁን።

ለሰርቪሱ እውነተኛው መፍትሔም ይኸው ኬብል ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ራውተር ካለ አዲስ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል። አሮጌው ራውተር ላይ አድራሻ የሚያድለው DHCP የሚባለው ይጠፋል፤ የራሱ አድራሻ ከዋናው የተለየ ይደረጋል፤ ኬብሉ WAN ከሚለው ሳይሆን LAN ከሚለው ቀዳዳ ይገባል። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ ከሆነ ስልኩ ግቢውን ሲሻገር በራሱ ወደ ቀረበው ይዞራል፤ ቻናሉ ግን ይለያይ። DHCP ሳይጠፋ ከቀረ አንዳንዱ ስልክ ይሠራል፣ አንዳንዱ ዋይፋይ ተያይዞ ኢንተርኔት የለም ይላል፤ ይህ ምልክት ሲታይ መጀመሪያ የሚፈተሸው እሱ ነው።

ኬብል መዘርጋት የማይችል ተከራይ ሪፒተር ይገዛል። ሪፒተርን የሚገዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሲግናል በሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰኩታል፤ እዚያ ግን የሚደግመው ነገር የለውም። ቦታው መሃል መንገድ ላይ፣ ሲግናሉ ገና −65 አካባቢ ሳለ ነው። በተለመደው ግቢ ይህ ወደ ጓሮ የሚያየው የማዕድ ቤቱ መስኮት አጠገብ ይሆናል። ርካሾቹ ሪፒተሮች በአንድ ሞገድ እየሰሙ በዚያው ስለሚናገሩ ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ለትምህርት ቪዲዮ ይበቃል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከተጠቀመበት ግን ይጨናነቃል።

ሲም ካርድ የሚገባበት የ4ጂ ራውተር ያላቸው ሰዎች ግን የሚያመዛዝኑት ሁለት ሲግናል ነው፤ አንደኛው ከማማው ወደ ራውተሩ የሚመጣው፣ ሁለተኛው ከራውተሩ ወደ ስልኩ የሚሄደው። እዚህ ቀዳሚው የማማው ነው። የራውተሩን የማስተካከያ ገጽ ከፍቶ RSRP የሚለውን ማየት ይቻላል፤ −85 አካባቢ ጥሩ ነው፣ −110 ደካማ ነው። ለኮሪደር የተባለው ምክር ለዚህ አይሠራም፤ የሚሻለው ወደ ማማው የሚያይ፣ ወንፊትና የሚያንጸባርቅ መስታወት የሌለበት መስኮት ነው። ለመኝታ ቤቱ የሚያንሰውን ዋይፋይ ከዚያ ወዲያ በኬብል ማሟላት ይቻላል፤ ከማማው ያልመጣውን ግን ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ አይጨምረውም።

ሥራው ካለቀ በኋላ ልኬቱ ሁለት ጊዜ ይደገም፤ አንድ ጊዜ ሮቶው ጎድሎ፣ አንድ ጊዜ ውሃ የመጣ ቀን ሞልቶ፣ የሰርቪሱም በር ተዘግቶ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ወይም 4 ዲሲቤል ካልበለጠ ሞገዱ በሮቶው በኩል ማለፉን ትቷል። አሁንም ልዩነቱ ወደ አሥር ከተጠጋ ራውተሩ ሌላ ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ማለት አለበት፣ ወይም ኬብሉ እስከ ሰርቪሱ መዘርጋት አለበት።